የጋራ የባንክ ሂሳብ

የጋራ የባንክ ሂሳብ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በአንድ የሂሳብ ቁጥር ሥር በስማቸው የሚከፍቱት የቁጠባ ወይም የተንቀሳቃሽ ሂሳብ ነው። በኢትዮጵያ ባልና ሚስት፣ ሸሪኮች፣ እህትማማቾችና ወንድማማቾች፣ እንዲሁም ወላጅ ከልጁ ጋር ይከፍቱታል። ዕድርና ዕቁብም በተመሳሳይ መንገድ በበርካታ ፈራሚዎች የሚንቀሳቀስ ሂሳብ ይይዛሉ። ሂሳቡ ሲከፈት ባለሂሳቦቹ ለባንኩ የሚሰጡት ዋናው ትእዛዝ ገንዘቡ በማን ፊርማ ይወጣል የሚለው ነው። መልሱ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንደኛው «በአንዳቸው ፊርማ» ወይም በተናጠል የሚባለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «በሁለቱም ጣምራ ፊርማ» የሚባለው ነው። ሁለቱ ምርጫዎች በቅጹ ላይ የአንድ ምልክት ልዩነት ብቻ ቢመስሉም፣ እያንዳንዱ ባለሂሳብ የሚሸከመውን አደጋ ከመሠረቱ ይለውጣሉ።

## የመፈረም ሥልጣንና ባለቤትነት

ስለ ጋራ ሂሳብ የሚነሳው አብዛኛው ክርክር የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለሚደባለቁ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ባንኩ ገንዘቡን ለማን ቢከፍል ከኃላፊነት ይድናል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ገንዘቡ በእውነት የማን ነው?» የሚል ነው። የፊርማ ትእዛዙ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ በሕግ ዓይን ባንኩ ለደንበኛው ያለበት ዕዳ ነው። ደንበኛው ገንዘብ ጠያቂ፣ ባንኩ ደግሞ ባለዕዳ ይሆናል። በአንዳቸው ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ሁለቱ ባለሂሳቦች እያንዳንዳቸው ሙሉውን ገንዘብ መጠየቅ የሚችሉ ገንዘብ ጠያቂዎች ናቸው። ባንኩ ለአንዳቸው ከከፈለ ከሁለቱም ዕዳ ነጻ ይወጣል። በጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ግን ባንኩ ነጻ የሚወጣው የሁለቱም ፊርማ ያረፈበትን የክፍያ ትእዛዝ ሲያስተናግድ ብቻ ነው።

የባለቤትነቱ ጥያቄ የሚመለሰው በባንኩ ቅጽ አይደለም። የሚመለሰው በባለሂሳቦቹ መካከል ባለው ስምምነት፣ በጋብቻ፣ በሽርክና ወይም በውርስ ሕግ ነው። ስምምነት ከሌለና ማን ምን ያህል እንዳስገባ ማስረዳት ካልተቻለ የጋራ ባለሀብቶች ድርሻ እኩል እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ አንድ ሰው ገንዘቡን በሙሉ የማውጣት ሥልጣን ኖሮት ከገንዘቡ ውስጥ አንድ ብር እንኳ የእሱ ላይሆን ይችላል። በአንጻሩ ገንዘቡ በሙሉ የራሱ ሆኖ ያለ ሌላው ሰው ፊርማ አንድ ብር ማውጣት የማይችልም ይኖራል።

## ሂሳቡ እንዴት ይከፈታል

በተለምዶ ባለሂሳቦቹ በሙሉ ቅርንጫፉ ድረስ በአካል ይቀርባሉ። መታወቂያቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይሰጣሉ፣ የመክፈቻውን ውል ይፈርማሉ፣ እያንዳንዳቸውም የፊርማ ናሙና በካርድ ላይ ያኖራሉ። ባንኩ ይህን ናሙና በሥርዓቱ ውስጥ ይመዘግበዋል። ወደፊት ገንዘብ ሊወጣ ሲል ገንዘብ ከፋዩ የወጪ ቅጹን ፊርማ ከዚህ ናሙና ጋር ያመሳክራል። በናሙናው ካርድ ላይ ወይም በመክፈቻ ቅጹ ላይ የፊርማ ትእዛዙ የሚጻፍበት ቦታ አለ።

በዚህ ጊዜ በቀላሉ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። በጋራ ባለሂሳብና በተወካይ ፈራሚ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የጋራ ባለሂሳብ ሂሳቡ በስሙ ስለሆነ በገንዘቡ ላይ የራሱ መብት እንዳለው ይገመታል። ተወካይ ፈራሚ ግን በሌላ ሰው ሂሳብ ላይ በውክልና የሚፈርም ነው። ገንዘቡ የእሱ አይደለም፣ ውክልናውም በወካዩ ሞት ወይም በሽረት ያበቃል። እርጅና ወይም ሕመም የያዛቸው እናት ልጃቸው ጡረታቸውን እንዲያወጣላቸው ብቻ ፈልገው የጋራ ሂሳብ ቢከፍቱ፣ ከፈለጉት በላይ ሰጥተዋል። ከሞታቸው በኋላ ሌሎቹ ልጆች «ገንዘቡ የእናታችን ነው» ሲሉ፣ ስሙ ያለበት ልጅ «ግማሹ የእኔ ነው» ሊል ይችላል። ፍላጎቱ አገልግሎት ብቻ ከሆነ የሚስማማው ውክልና ነው።

## በአንዳቸው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ

የዚህ ዓይነቱ ሂሳብ ጥቅም ፍጥነት ነው። አንደኛው ባለሂሳብ ከከተማ ቢወጣ፣ ቢታመም ወይም ሥራ ቢይዘው ሌላው ክፍያውን ይፈጽማል። የካርድና የሞባይል ባንክ አገልግሎትም ከዚህ ዓይነቱ ሂሳብ ጋር ይስማማል። የሚስጥር ቁጥር የአንድ ሰው ፈቃድ ስለሆነ፣ አንድ ፊርማ በሚበቃበት ሂሳብ ላይ መስጠቱ ችግር የለውም።

አደጋው ከዚሁ ፍጥነት ይመነጫል። አንደኛው ባለሂሳብ ገንዘቡን በሙሉ በአንድ ቀን ቢያወጣ ባንኩ የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ ጥፋት አልሠራም። የተጎዳው ባለሂሳብ ባንኩን «ለምን ከፈልክ?» ብሎ መክሰስ አያዋጣውም። ጥያቄው ገንዘቡን በወሰደው ሰው ላይ ብቻ ነው። ያ ሰው ገንዘቡን አጥፍቶት ከሆነ ወይም አገር ለቆ ከሆነ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጅ ቢኖርም የሚከፈል ነገር ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ገንዘብ ሲወጣ የሚላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት በአንድ የስልክ ቁጥር ላይ ብቻ ከተመዘገበ፣ ሌላው ባለሂሳብ የሂሳቡን እንቅስቃሴ አያውቅም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ የሄደ ሂሳብ የሚታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ መግለጫ ሲወጣ ነው። መብቱ የሁለት ሰው ሆኖ መረጃው የአንድ ሰው የሆነበት ሂሳብ በዚህ ምክንያት ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

## በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ

እዚህ እያንዳንዱ ወጪ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል። በአንዱ ፊርማ ብቻ የመጣ የወጪ ቅጽ ወይም ቼክ ባንኩ መመለስ አለበት። ባንኩ በአንድ ፊርማ ብቻ ከከፈለ ትእዛዙን ጥሷል፤ ያልፈረመው ባለሂሳብም ባንኩን ራሱን ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ከመጀመሪያው ዓይነት ያለው ትልቁ ልዩነት ነው። የማጭበርበር አደጋው በከፊል ከባለሂሳቡ ትከሻ ወርዶ ወደ ባንኩ ይዛወራል። ገንዘብ ማስገባት ግን ሁለት ፊርማ አይፈልግም፣ ማንም ሰው ሊያስገባ ይችላል።

የጣምራ ፊርማ ዋና አደጋ መቆም ነው። አንደኛው ባለሂሳብ ሲታመም፣ ሲታሰር፣ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ወይም ሲኮርፍ ገንዘቡ ይታሰራል። ጥል በተነሳ ጊዜ ፊርማን መከልከል እንደ መደራደሪያ መሣሪያ ያገለግላል። ከገንዘቡ አንድ አሥረኛ ድርሻ ብቻ ያለው ሰው የዘጠኙን አሥረኛ ባለቤት እጅ ሊይዝ ይችላል። የካርድና ተራ የሞባይል ባንክ አገልግሎትም በአብዛኛው ለዚህ ሂሳብ አይሰጥም፤ አንድ ሰው በራሱ የሚስጥር ቁጥር ቢያወጣ ሁለተኛው ፊርማ ትርጉም ያጣልና። አንዳንድ ባንኮች ለድርጅቶች በሚያቀርቡት የኢንተርኔት አገልግሎት አንዱ ክፍያውን አዘጋጅቶ ሌላው የሚያጸድቅበት አሠራር አለ። ይህ የጣምራ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ መልክ ነው።

የጣምራ ፊርማ ጥበቃ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው በባለሂሳቦቹ በራሳቸው እጅ ነው። አንደኛው ሥራ ስለሚበዛበት የቼክ ደብተሩን ወይም ባዶ የወጪ ቅጾችን ቀድሞ ፈርሞ ለሌላው ይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሂሳቡ በወረቀት ላይ በጣምራ፣ በተግባር ግን በአንድ ሰው የሚንቀሳቀስ ሆኗል። ባንኩ የሚያየው ሁለት ትክክለኛ ፊርማዎችን ስለሆነ ይከፍላል፤ ቀድሞ የፈረመው ሰውም «መጠኑን አላውቅም ነበር» ብሎ ባንኩን ተጠያቂ ማድረግ ይቸግረዋል። የሁለቱንም አደጋ ይዞ የሁለቱንም ጥቅም ያጣ ሂሳብ ይህ ነው።

## ምሳሌ፦ ሁለት ሸሪኮች በሐዋሳ

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት የሚከተለውን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በሐዋሳ ከተማ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ሁለት ጓደኛሞች የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ በጋራ ሊከፍቱ ተስማሙ እንበል። አንደኛው 300,000 ብር፣ ሁለተኛው 200,000 ብር አዋጡ። ገንዘቡን በጋራ ሂሳብ ስላስቀመጡ የሂሳቡ ጠቅላላ መጠን 500,000 ብር ሆነ።

ሂሳቡ በአንዳቸው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው እንበል። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሱቁ ገና ዕቃ ሳይገዛ፣ አንደኛው ሸሪክ ለግል ጉዳዩ 350,000 ብር አወጣ። በሂሳቡ የቀረው 150,000 ብር ነው። ባንኩ በትእዛዙ መሠረት ስለከፈለ ጉዳዩ ከባንኩ ወጥቶ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ሁለተኛው ሸሪክ ምን ያህል መጠየቅ ይችላል?

መዋጮው በጽሑፍ ከተያዘ ስሌቱ ቀላል ነው። የሁለተኛው ሸሪክ ድርሻ 200,000 ብር ነው። በሂሳቡ የቀረውን 150,000 ብር ቢወስድ 50,000 ብር ይጎድለዋል፣ ይህንንም ከአንደኛው ሸሪክ ይጠይቃል። አንደኛው ከራሱ 300,000 ብር በላይ የወሰደው ልክ ያንን 50,000 ብር ነውና። መዋጮው በጽሑፍ ካልተያዘና ሊረጋገጥ ካልቻለ ግን ድርሻው እኩል ነው ተብሎ ይገመታል። ያኔ የእያንዳንዱ ድርሻ 250,000 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ሸሪክ የቀረውን 150,000 ብር ወስዶ ተጨማሪ 100,000 ብር መጠየቅ ይችላል። አንደኛው ሸሪክ በእውነት ብዙ ያዋጣው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ማስረጃ በማጣቱ ብቻ 50,000 ብር ይከስራል። ይህ የሚያሳየው ጽሑፍ የሚጠብቀው አነስተኛውን ባለድርሻ ብቻ አለመሆኑን ነው።

አሁን ደግሞ ያው ሂሳብ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው እንበል። አንደኛው ሸሪክ 350,000 ብሩን ብቻውን ማውጣት አይችልም፣ ገንዘቡ በቦታው አለ። ነገር ግን በአራተኛው ወር ሁለተኛው ሸሪክ ታሞ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሄደና ስድስት ሳምንት ቆየ። በዚያው ጊዜ የሲሚንቶና የብረት አቅራቢው ቀደም ሲል በተስማሙበት ዋጋ ዕቃውን አቀረበ፤ ክፍያው የሚጠበቀው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። በሂሳቡ 500,000 ብር ቢኖርም የሚፈርም ሁለተኛ ሰው የለም። ዕቃው ለሌላ ይሸጣል፣ ዋጋም ሊጨምር ይችላል። ገንዘቡ አልጠፋም፣ ጊዜው ግን ጠፍቷል። ሁለተኛው ሸሪክ በሚታከምበት ከተማ ያለው የባንኩ ቅርንጫፍ ፊርማውን በሥርዓቱ አይቶ ማስተናገድ ከቻለ ወይም ሸሪኩ አስቀድሞ ለሚያምነው ሰው ውክልና ሰጥቶ ከነበረ ችግሩ ይቀላል።

ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎች ይህን የሚፈቱት ገንዘቡን በሁለት ሂሳብ በመክፈል ነው። ዋናው ካፒታል በጣምራ ፊርማ ሂሳብ ይቀመጣል። ለዕለት ወጪ የሚበቃ መጠን፣ በምሳሌው 50,000 ብር ያህል፣ በአንዳቸው ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሁለተኛ ሂሳብ ይያዛል፤ ሲያልቅ በሁለት ፊርማ ከዋናው ይሞላል። በዚህ አሠራር ከፍተኛው የማጭበርበር ጉዳት በ50,000 ብር ይወሰናል፣ የሱቁ የዕለት ሥራም አይቆምም።

## ባልና ሚስት

በባልና ሚስት መካከል የሂሳቡ ስም ከባለቤትነት ጋር ያለው ግንኙነት ይበልጥ የላላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው በየግል ጥረታቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ሀብት እንደሆነ ይደነግጋል። አንድ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት መቀመጫዋ የነበረችው የቀድሞው የደቡብ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። በአንድ በኩል፣ ሚስት ደመወዟን በግል ሂሳቧ ብታስቀምጥም ከጋራ ሀብትነት አይወጣም። የግል ሂሳብ የማውጣት ሥልጣንን ለአንድ ሰው ይወስናል እንጂ ባለቤትነትን አይቀይርም። በሌላ በኩል፣ አንደኛው ከጋብቻ በፊት የነበረውን ወይም በውርስ ያገኘውን የግል ገንዘብ በጋራ ሂሳብ ውስጥ ከደመወዝ ጋር ካቀላቀለው፣ በፍቺ ጊዜ የትኛው ብር የግል እንደነበር ማስረዳት ይከብደዋል። የግል ሆኖ እንዲቆይ የሚፈለግ ገንዘብ ለብቻው በተለየ ሂሳብ መያዝና የመጣበት ሰነድ መቀመጥ አለበት።

በአንዳቸው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባልና ሚስት ሂሳብ ላይ ከፍቺ አቤቱታ በፊት ባሉት ሳምንታት ገንዘብ በብዛት ማውጣት የታወቀ ችግር ነው። የወጣው ገንዘብ በንብረት ክፍፍሉ ጊዜ ሊታሰብ ይችላል፤ ነገር ግን የሂሳቡ መግለጫ ቀርቦ ወጪው ለትዳሩ ጥቅም እንዳልዋለ መታየት አለበት።

## አንደኛው ባለሂሳብ ሲሞት

ብዙ ሰዎች የጋራ ሂሳብ የሚከፍቱት «እኔ ብሞት ገንዘቡ በቀጥታ ለእሱ ይቀራል» ብለው ነው። ይህ እምነት በከፊል የመጣው ከውጭ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ በአብዛኛዎቹ የጋራ ሂሳቦች ላይ በሕይወት የቀረው ባለሂሳብ ገንዘቡን በሙሉ የሚወስድበት ደንብ ይሠራል። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት ለከፈቱት ሂሳብም ይኸው ይሠራል ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ሕግ ግን የሟች ድርሻ የውርስ ሀብት ነው፣ የሚሄደውም ለወራሾቹ ነው።

በጣምራ ፊርማ ሂሳብ ላይ ሞት ሂሳቡን ወዲያው ያቆመዋል፤ የሟች ፊርማ የሚተካው ወራሾቹ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይዘው ሲቀርቡ ነው። በአንዳቸው ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ላይ በሕይወት ያለው ሰው ባንኩ ሞቱን እስኪያውቅ ድረስ መፈረም ይችል ይሆናል። ባንኮች ሞቱ ሲነገራቸው በአብዛኛው ጉዳዩ እስኪጣራ ሂሳቡን ያግዳሉ። በመካከሉ ከሟች ድርሻ የወሰደ ሰው ለወራሾቹ የመመለስ ኃላፊነት አለበት።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ 600,000 ብር አለ፣ ገንዘቡም በጋብቻ ዘመን የተገኘ ነው እንበል። ባል ያለ ኑዛዜ ሞተ፣ ሦስት ልጆችም አሉ። 300,000 ብሩ የሚስት የራሷ ድርሻ ነው፣ ውርስ አይባልም። ቀሪው 300,000 ብር የባል ውርስ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ኑዛዜ በሚደረግ ውርስ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ የትዳር ጓደኛ በወራሾች ተራ ውስጥ አልተቀመጠም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ 100,000 ብር ያገኛል። ልጆች ባይኖሩ የባል ድርሻ ወደ ሟች ወላጆች ይሄዳል፤ ሚስት የጋራ ባለሂሳብ መሆኗ ይህን አይለውጠውም። ባል ድርሻው ለሚስቱ እንዲደርስ ከፈለገ የሚያስፈልገው ኑዛዜ ነው።

## የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ

የጋራ ሂሳብ የሌላውን ሰው ዕዳም ይዞ ሊመጣ ይችላል። እዚህ ሁለት ሁኔታዎችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሂሳቡ ራሱ ዕዳ ሲገባ ነው። ባለሂሳቦቹ በተንቀሳቃሽ ሂሳባቸው ላይ ከተቀማጩ በላይ የማውጣት ብድር ከወሰዱ ሁለቱም ባለዕዳ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1896 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ የጋራ ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው። ይህ ማለት ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከፈለገው አንዱ መጠየቅ ይችላል። «ብሩን ያወጣው እሱ ነው» የሚለው መልስ ባንኩን አይመልሰውም። የከፈለው ሰው ተመልሶ ሌላውን መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ግን የሁለቱ የውስጥ ጉዳይ ነው። በተናጠል በሚንቀሳቀስ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ላይ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ የጻፈው ሰው በወንጀል የሚጠየቀው ራሱ ነው። የሂሳቡ መዘጋትና በባንክ ዘንድ የሚተርፈው መጥፎ ስም ግን ቼኩን ያልፈረመውንም ይነካል።

ሁለተኛው ሁኔታ የአንደኛው ባለሂሳብ የግል ገንዘብ ጠያቂ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሂሳቡን ሲያስከብር ነው። በሐዋሳው ምሳሌ አንደኛው ሸሪክ በሌላ ጉዳይ 400,000 ብር ተፈርዶበት ከሆነ፣ ትእዛዙ ለባንኩ ሲደርስ 500,000 ብሩ በሙሉ ሊታገድ ይችላል። ባንኩ ድርሻውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለተኛው ሸሪክ ፍርድ ቤት ቀርቦ 200,000 ብሩ የራሱ እንደሆነ በመዋጮ ሰነድ ማስረዳት አለበት። የጣምራ ፊርማ ከዚህ አደጋ አያድንም፤ ፊርማ የሚከለክለው ሌላውን ባለሂሳብ እንጂ ፍርድ ቤትን አይደለምና። እዚህም የሚያድነው ድርሻን የሚያሳይ ጽሑፍ ነው።

## ከሦስት ሁለት ፊርማ

ዕድሮች፣ ዕቁቦችና ማኅበራት ከሁለቱ ምርጫዎች መካከል የሚገኝ ሦስተኛ መንገድ ይጠቀማሉ። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ፈራሚ ሆነው ይመዘገባሉ፣ ወጪ የሚፈጸመውም ከሦስቱ በሁለቱ ፊርማ ነው። አንዱ ቢታመም ሥራው አይቆምም፤ አንዱ ቢከዳም ብቻውን አያወጣም። ደካማ ጎኑ ሁለት ፈራሚዎች ከተስማሙ ሦስተኛው ሊያግዳቸው አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ፈራሚዎች ባልና ሚስት ወይም የቅርብ ዘመዳሞች ሲሆኑ ጥበቃው ይላላል።

በዚህ ዓይነት ሂሳብ ገንዘቡ የፈራሚዎቹ ሳይሆን የአባላቱ ነው። ባንኩ ፈራሚዎችን የሚቀበለው አባላት መርጠው ባጸደቁት ቃለ ጉባዔ ነው። አመራር ሲቀየር አዲሱ ቃለ ጉባዔ ቶሎ ለባንኩ ካልደረሰ የተሻሩት ሰዎች ፊርማ በባንኩ ዘንድ ጸንቶ ይቆያል፤ በዚህ መካከል የተከፈለ ገንዘብ ጉዳትም በማኅበሩ ላይ ይወድቃል።

## አለመግባባት ሲነሳ

የፊርማ ትእዛዝን ለመቀየር በመደበኛው መንገድ የሁሉም ባለሂሳቦች ስምምነት ያስፈልጋል። በአንዳቸው ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ላይ ጥርጣሬ የገባው ባለሂሳብ ግን ቆሞ ማየት የለበትም። የመጀመሪያው እርምጃ ለቅርንጫፉ በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብና ደብዳቤው የደረሰበትን ማኅተም ያረፈበት ቅጂ መያዝ ነው። ባንኩ በዚህ ጊዜ የሚወስደው እርምጃ በመክፈቻ ውሉ ይወሰናል። ብዙ ውሎች ተቃውሞ ሲቀርብ ሂሳቡን ማገድን ወይም ከዚያ በኋላ የሁለቱንም ፊርማ መጠየቅን ይፈቅዳሉ። ባንኩ እምቢ ካለ ወይም ገንዘቡ በአስቸኳይ ሊወጣ ይችላል ተብሎ ከተፈራ፣ ቀጣዩ መንገድ ከፍርድ ቤት ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ነው።

በጣምራ ፊርማ ሂሳብ ላይ አንደኛው ያለ በቂ ምክንያት አልፈርምም ካለ ባንኩ ሊያስገድደው አይችልም። ሌላው ባለሂሳብ ድርሻው እንዲከፈለው ፍርድ ቤት ይጠይቃል፤ ባንኩም የፍርዱን ትእዛዝ በጎደለው ፊርማ ምትክ ይቀበላል። በሁለቱም ሁኔታ ክርክሩን የሚወስኑት ሰነዶች ተመሳሳይ ናቸው፦ የመክፈቻ ውሉ ቅጂ፣ የሂሳብ መግለጫው፣ የገቢ ደረሰኞች፣ ድርሻን የሚያሳየው ስምምነት። ከእነዚህ መካከል ባንኩ ዘንድ የማይገኘው የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ በባለሂሳቦቹ እጅ፣ ከሂሳቡ መከፈት ጋር በአንድ ቀን ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ይኸው ነው።